12:20 ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ምጥ ይዟት የገባች እናት በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት ማታ፣ በአምቡላንስ ተወስዳ ሌላ ቦታ በኦፕራሲዮን ወለደች። ሕፃኑ ሲወጣ ወዲያው አላለቀሰም፤ ለቀናት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ቆየ። አሁን ጡት ይጠባል፣ ክትትሉ ግን አላለቀም። ባልየው ሰፈር የምንተዋወቅ ልጅ ነው። አንድ ቀን በፌስታል የታጠፉ ወረቀቶች ይዞ መጣና «ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ የማታዋን ሲስተር ስሟን አውጣልኝ» አለኝ። የጤና ጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም እዚህ አልጠራም። የምጽፈው ስለ ወረቀቶቹ ነው። ሚስትየው ስሟ እስካልተጠቀሰ ድረስ ይጻፍ ብላለች።

ቤተሰቡ በማታዋ አዋላጅ ላይ የተቆጣው ምክንያት አለው። አስቸጋሪውን ወሬ የነገረቻቸው እሷ ናት፤ «ልጁ እየተጨነቀ ነው፣ ሪፈር እንጽፋለን» ያለችው እሷ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲጮሁ «እናንተ ስትጮሁ እኔ መስማት አልቻልኩም» ያለችውም እሷ። ቀኑን ሙሉ ሰላም ነበር፣ እሷ ስትመጣ ነገር ተበላሸ። እነሱ ያዩት ይህን ነው።

ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ነገር እንዲህ ነው፦ የቅበላ ቅጽ ኮፒ፣ አንድ ገጽ ተኩል የአዋላጆች ማስታወሻ፣ ከጓንት ካርቶን ላይ የተቀደደ ቁራጭ ላይ የተጻፉ የፅንስ ልብ ምት ቁጥሮች፣ ከርክክብ መዝገብ በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ የሪፈር ወረቀት። በካርዱ ውስጥ ፓርቶግራፉ ነበረ፤ ላዩ ላይ ስሟና ዕድሜዋ ተሞልቷል፣ ከዚያ በታች አንድ የኤክስ ምልክት አለች፣ ሌላው ባዶ ነው።

ፓርቶግራፍ ለማያውቅ ሰው፦ የምጥን ሂደት በአንድ ገጽ ላይ በሰዓት የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ነው። ከላይ የፅንሱ የልብ ምት፣ መሃል ላይ የማህፀን በር በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተና የሕፃኑ ጭንቅላት ምን ያህል እንደወረደ፣ ከዚያ በታች ቁርጠቱ፣ ከሥር ደግሞ የእናትየው የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ሽንት። ዋናው ጥበብ መሃል ላይ ያሉት ሁለት ሰያፍ መስመሮች ናቸው። ከ4 ሴንቲ ሜትር ተነስቶ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እየጨመረ 10 የሚደርሰው የማንቂያ መስመር ይባላል። ከእሱ 4 ሰዓት ወደ ቀኝ ተገፍቶ በትይዩ የተሰመረው የእርምጃ መስመር ነው። ይህን ሐሳብ በ1972 ያሳተሙት ፊልፖትና ካስል ናቸው፤ ይሠሩ የነበረው በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ነው። ችግራቸው ከእኛ ጋር አንድ ነበር፦ ሐኪም የሌለበት ክሊኒክ ውስጥ ብቻዋን ያለች አዋላጅ «አሁን ወደ ሆስፒታል ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን ወረቀቱ ራሱ እንዲነግራት ፈለጉ። ስለዚህ ኦፕራሲዮን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ የማንቂያ መስመርን ወደ ቀኝ መሻገር ማለት ስለ ሪፈር ማሰብ መጀመር ማለት ነው፤ የእርምጃ መስመር እስኪደርስ መጠበቅ አይደለም።

ወረቀቶቹን ይዤ የሄድኩት ለዓመታት ማዋለጃ ክፍል የሠራች፣ አሁን ሌላ ክፍለ ከተማ ያለች ወዳጄ ጋ ነው። መጀመሪያ ያለችኝ «እርሳሱን አስቀምጥ» ነው። ሥዕል ከመጀመር በፊት፣ ሰዓት ያለበትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለየብቻው በአንድ መስመር ጻፍ አለች። ከየት ወረቀት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደተጻፈ፣ ምን እንደሚል። 14 መስመር ወጣን። ከዚያ የኛ አገር የሆነ ችግር መጣ።

ሰዓቱ ተቀላቅሏል። የቅበላ ቅጹ «2:15» ይላል። ሁለተኛው ምርመራ «12:20» ይላል። የካርቶን ቁራጩ ላይ «1:30» እና «3:10» አለ። የርክክብ መዝገቡ «11:30»፣ ሪፈሩ «1:10»። ጠዋት ይሁን ማታ የሚል አንድም ቦታ የለም። በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚል ደግሞ ጭራሽ የለም። ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ የጨረሱ፣ ኑሯቸውን በሐበሻ ሰዓት የሚኖሩ ሰዎች የጻፉት ነው፤ ያው ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ሊጽፍ ይችላል። እንዳለ ብትስሉት ሴትየዋ ከቀበሏት በፊት የተመረመረች፣ ከተመረመረች በፊት ደግሞ ሪፈር የተጻፈላት ትመስላለች። 6 ሰዓት ስህተት በአንድ ምጥ ውስጥ ሙሉ ታሪኩን ይገለብጠዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሰዓት በማስረጃ ማሰር ነበረብን። ቅበላው ቀላል ነው፤ ባልየው ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ እንደመጣ ያስታውሳል፣ ስለዚህ 2:15 የሐበሻ ነው፣ በፈረንጅ 8:15 ጠዋት። «12:20» ትንሽ አከራከረን። የሐበሻ ቢሆን ወይ ከቅበላው በፊት ይወድቃል፣ ወይ ከምሽቱ ርክክብ በኋላ ይመጣል። እናትየው ግን ያ ምርመራ ሲደረግ ከውጭ የዙህር አዛን እየተሰማ እንደነበር ትናገራለች፤ የጻፈችውም የቀን ተረኛዋ ናት። የፈረንጅ ነው፣ እኩለ ቀን አካባቢ። «1:10» የሪፈሩ ነው፤ ባልየው ሪፈር መጻፉ እንደተነገረው ወንድሙ ጋ ደውሏል፣ የስልኩ የጥሪ ዝርዝር 7:12 ፒኤም ይላል። ስለዚህ የሐበሻ ነው፣ ምሽት 7:10።

የሚያረካው ግን የካርቶኗ «3:10» ነው። የልብ ምት 156 ብሎ አጠገቡ «ውሃው ንጹህ» ይላል። የሐበሻ ከሆነ ጠዋት 9:10 ነው፣ የፈረንጅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው። ወዳጄ ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠችና ዝም ብላ ጠበቀችኝ። የእንሽርት ውሃው ጠዋት አልፈሰሰም ነበር፤ የቅበላ ቅጹ «አልፈነዳም» ይላል፣ የ12:20 ምርመራ ነው ፈሰሰ የሚለው። ያልፈሰሰን ውሃ ንጹህ ነው አይደለም ማለት አይቻልም። ስለዚህ 3:10 ከ12:20 በኋላ ነው፣ የፈረንጅ። በዚያው እስክሪብቶ ከላይ የተጻፈው «1:30»ም አብሮት ሄደ። (እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የወንጀል ምርመራ ፊልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል፤ ወዳጄ ግን «ይሄ የማክሰኞ ሥራ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።)

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛው ማጥራት መጣ፦ የተለካው፣ የተቀዳውና የታወሰው መለየት አለባቸው። የርክክብ መዝገቡ በ11:30፣ ማለትም ምሽት 5:30 ላይ «6 ሴ.ሜ.፣ ክትትል ላይ» ይላል። መጀመሪያ ሲያዩት አዲስ ምርመራ ይመስላል፣ 5:30 ላይ 6 ሴንቲ ሜትር። ነገር ግን አጠገቡ የልብ ምት የለም፣ የጭንቅላት መውረድ የለም፣ በአዋላጆች ማስታወሻ ላይም በዚያ ሰዓት ምንም ነገር አልተጻፈም። ያ 6 የ12:20ው 6 ነው። የቀን ተረኛዋ ከመሄዷ በፊት ካርዱን ገልጣ የመጨረሻውን ቁጥር ገለበጠችው። ማታ የገባችው ስታነበው ግን «አሁን 6 ናት» ተብላ እንደተረከበች ነው የሚገባት። ስንስል ያንን ቁጥር በኤክስ አላስቀመጥነውም። ከሠንጠረዡ ሥር በማስታወሻ ብቻ ጻፍነው።

አሁን እርሳሱን አነሳን። የመጀመሪያው ኤክስ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ማንቂያ መስመሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሰዓቱ መነሻ 8:15 ነው። በዚያ ሰዓት ጭንቅላቱ ከአምስት እጅ አራቱ ከዳሌ አጥንት በላይ በእጅ ይዳሰሳል፣ ቁርጠቱ በ10 ደቂቃ 3 ጊዜ፣ የልብ ምት 140። ማንቂያ መስመሩ ላይ ብትሄድ ከቀኑ 2:15 ላይ 10 ትደርሳለች። የእርምጃ መስመሩ ከምሽቱ 6:15 ላይ 10 ይደርሳል። ሁለተኛው ኤክስ፦ 12:20፣ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ጭንቅላቱ ከአምስት ሦስት፣ ቁርጠቱ 4 ጊዜ፣ እያንዳንዱም ከ40 ሴኮንድ በላይ፣ የልብ ምት 144። በማንቂያ መስመሩ 6 ሴንቲ ሜትር የሚገኘው 10:15 ላይ ነው። ኤክሷ ወደ ቀኝ 2 ሰዓት ወጥታለች። በቃል ሲነገር «4 ነበረች፣ 6 ሆነች» ጥሩ ዜና ነው፤ ማስታወሻውም «ጥሩ እየሄደች ነው» ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን መስመሩን ተሻግራለች።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ኤክስ ምሽት 7:10 ነው፣ 7 ሴንቲ ሜትር። በ6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ 1 ሴንቲ ሜትር። ጭንቅላቱ አሁንም ከአምስት ሦስት፣ ማለትም ከእኩለ ቀን ጀምሮ አልወረደም። የጭንቅላቱ አጥንቶች ሁለት ፕላስ ተደራርበዋል፣ ውሃው ሜኮኒየም ሆኗል፣ የልብ ምቱ 172፤ ከ160 በላይ ያስጨንቃል። የእርምጃ መስመሩን በ7 ሴንቲ ሜትር ላይ ብንፈልገው የሚገኘው 3:15 ከሰዓት ነው። ወደ 4 ሰዓት አልፋዋለች።

እዚህ ጋ ወዳጄ በሁለተኛውና በሦስተኛው ኤክስ መካከል መስመር እንዳልስል ከለከለችኝ። ከ6 ወደ 7 ቀጥ ያለ መስመር ብስል ቀስ እያለች ስትከፈት የነበረች ትመስላለች። ምናልባት 2 ሰዓት ላይ 7 ደርሳ እዚያው ቆማ ይሆናል። ምናልባት 6 ላይ ቆይታ መጨረሻ ላይ ነው የጨመረችው። ማንም አላየም። ስለዚህ ነጠብጣብ ብቻ አድርገን መሃሉን ባዶ ተውነው። ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ስለሆነ ቀጣዩ መደረግ የነበረበት 4:20 ላይ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ክብ አስቀመጥን። የልብ ምቱንም እንዲሁ፦ በየግማሽ ሰዓቱ መለካት ቢኖርበት እስከ ሪፈሩ ድረስ ከ20 በላይ ቁጥር ይኖር ነበር፣ ያገኘነው 7 ነው። 140፣ 140፣ 138፣ 144፣ 148፣ 156፣ 172። አንዳቸውም ለብቻቸው እስከ መጨረሻው አያስደነግጡም። ተራ በተራ ሲቀመጡ ግን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሽቅብ ናቸው።

ሦስቱን መስመር አንድ ላይ ማንበብ ደግሞ የዘገየውን ምክንያት ይጠቁማል። ቁርጠቱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ምጡ የዘገየው ኃይል በማጣት ነው ይባል ነበር። ግን ቁርጠቱ ጠንካራ ነው፣ ጭንቅላቱ አይወርድም፣ አጥንቶቹ እየተደራረቡ ነው። ኃይሉ አለ፣ መንገዱ አልበቃም። ይህ የታሰረ ምጥ ሥዕል ነው። በአገራችን ገጠር እንዲህ ያለ ምጥ ለቀናት ቆይቶ ያደረሰውን ጉዳት የፊስቱላ ሆስፒታል ታካሚዎች ያውቁታል፤ ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው በ1974 (በፈረንጅ) ሆስፒታሉን ያቆሙት በዚህ የተጎዱ ሴቶች ብዛት ነው፣ ከዓመታት በኋላ በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ የተጨመረው ቀድሞ ለማቆም ነው። እዚህ ከተማ መሃል ያለች ሴት ጉዳቷ እዚያ ድረስ አይሄድም። ሕፃኑ ግን ሰዓቱን በደቂቃ ነው የሚከፍለው።

ከሪፈሩ በኋላ ያለውን በሠንጠረዡ ቀኝ ጠርዝ ጨመርነው። ሪፈር 7:10፣ አምቡላንስ የተነሳው 8:25፣ ሆስፒታል የደረሰችው 8:55፣ ኦፕራሲዮኑ የተጀመረው 10:20። ከ12:20 እስከ ቢላው ድረስ በትክክል 10 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ አምቡላንስ መጠበቅ 1 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ግማሽ ሰዓት፣ ሆስፒታል ውስጥ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ቀሪው 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የማህፀን በሯ ሳይመረመር ያለፈው ነው። ባልየው በአምቡላንሱም ላይ ሲያማርር ነበር፣ ትክክል ነው፣ 75 ደቂቃ ቀላል አይደለም። ግን ከ10 ሰዓቱ ትልቁ ቁራጭ ከአምቡላንሱ በፊት ነው።

እና የማታዋ ሲስተር? ርክክቡ 5:30 ነው። «6 ሴ.ሜ.» የሚል አሮጌ ቁጥር ተሰጣት። በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ ራሷ መረመረች፣ ያየችውን በሙሉ ጻፈች፣ በዚያው ሰዓት ሪፈር ጻፈች። ከሁሉም ወረቀቶች ሙሉ የሆነው የእሷ ነው። ስሟን አውጣ የተባልኩት ዝምታውን የሰበረችውን ሰው ነበር። ሥዕሉን ለባልየው ሳሳየው ብዙ ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «እሷ እኮ ቆጣ ብላ ነው ያናገረችን» አለኝ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል አልኩት።

የቀን ተረኞቹን ደግሞ በዚህ ወረቀት ብቻ መክሰስ አይቻልም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቤተሰቡን ሲያነጋግሩ ከእኩለ ቀን እስከ ምሽት 4 ሴቶች እንደወለዱና ሁለት አዋላጆች ብቻ እንደነበሩ ነግረዋቸዋል። አንዷ ሴት ስትወልድ አዋላጇ እጇን ልታነሳ አትችልም። ፓርቶግራፍ ማን የት እንደነበረ አይነግርም፤ ምን እንዳልታየ ብቻ ነው የሚነግረው።

ሌላም ፍትሐዊ መሆን የሚጠይቅ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (በፈረንጅ) መመሪያው ይህን በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለውን መለኪያ ለሁሉም ሴት ማድረግ ትክክል አይደለም ብሏል፤ ብዙ ጤነኛ ምጥ ከዚያ ይዘገያል፣ ንቁው የምጥ ምዕራፍም ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል። በ2020 ያወጣው አዲሱ ቅጽ ሰያፍ መስመሮቹን ትቶ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የቆይታ ገደብ አስቀምጧል፤ 6 ላይ 5 ሰዓት ከሞላት አንቂ ይላል። በዚህ ብንለካት 12:20 ላይ ማንቂያ የለም፤ ያኔ «ጥሩ እየሄደች ነው» ያለችው አዋላጅ በአዲሱ ዓይን አልተሳሳተችም። ነገር ግን 4:20 ላይ ምርመራ እንደሚያስፈልግ አዲሱም ይላል። 6 ላይ ቆማ ከሆነም ገደቡ የሚሞላው 5:20 ነው፣ ከርክክቡ 10 ደቂቃ በፊት። በአሮጌውም በአዲሱም ብንሄድ የሚያደርሰን ያቺ የተገለበጠች 6 ጋ ነው።

ከሥዕሉ አናት ላይ በትልቁ «ከወሊድ በኋላ ከማስታወሻዎች ተሰብስቦ የተሠራ» ብለን ጻፍን፣ ቀኑንና የሠራነውን ሰዎች ጨምረን። ወዳጄ በዚህ አትቀልድም። በየማዋለጃ ክፍሉ ከወሊድ በኋላ ለሱፐርቪዥን ተብሎ የሚሞላ ፓርቶግራፍ አለ፤ መስመሩ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ፣ የልብ ምቱ ሁልጊዜ 140 ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ካርድ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ያችን ሴት ምን እንዳገኛት ማወቅ አይችልም። የእኛውን ካርዱ ውስጥ አናስገባውም፤ ከዋናዎቹ ወረቀቶች ኮፒ ጋር ተያይዞ የሚሄድ የአቤቱታ አባሪ ነው።

ቤተሰቡ ባለፈው ሳምንት አስገብቷል፣ ያለ ሰው ስም። ኃላፊዋ ሥዕሉን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት «3:10 ከሰዓት መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብለው ነው። ባልየው የውሃውን ነገር ሲያስረዳቸው ተረኛዋን አስጠርተው ካርቶኑን አሳዩዋት፣ እጄ ነው አለች። አሁን የቀረው የሆስፒታሉ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ከእዚያ በኩል የያዝነው የገባችበትና ኦፕራሲዮኑ የተጀመረበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡ ላይ በነጠብጣብ ነው ያለው። የካርዱን ኮፒ ጠይቀዋል፣ ገና አልተሰጣቸውም።